በሰዓት መክፈል ወይስ የዓመት ውል?

ሐዋሳ ላለ አንድ ፔንሲዮን የአልጋ ማስያዣ ሲስተም እንሠራለን። ሁለት የክላውድ ሰርቨር አለን። ዋናው ሌሊትም አይዘጋም። የሙከራው ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ይሠራል።

የአንዱ ዋጋ በሰዓት 0.10 ዶላር፣ የአንድ ዓመት ውል ሲገባ ደግሞ 0.06 ነው እንበል። ወር 730 ሰዓት ገደማ ነው። ዋናው በሰዓት ሲከፈልበት 73 ዶላር ይመጣል፤ በውል 43.80። እዚህ ውሉ ያለጥርጥር ያዋጣል።

የሙከራው በወር 220 ሰዓት ያህል ስለሚሠራ በሰዓት ክፍያ 22 ዶላር ብቻ ነው። በውል ቢሆን ያው 43.80 እንከፍል ነበር። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፤ ማሽኑ ቢጠፋም ውሉ ይቆጥራል። መለያው 43.80ን ለ0.10 ማካፈል ነው፤ 438 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ በታች የሚሠራ ማሽን ውል አያስፈልገውም። በሰዓት ስትከፍሉም ማሽኑን ብታጠፉትም የዲስኩ ሂሳብ እንደሚቀጥል አትርሱ።

ስፖት፣ ማለትም አማዞን ትርፍ ሰርቨሩን በቅናሽ የሚያከራይበት አማራጭ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም ይረክሳል፤ አማዞን ግን ማሽኑን በ2 ደቂቃ ማስጠንቀቂያ መልሶ ሊወስደው ይችላል። የክፍሎቹን ፎቶ መጠን ለመቀነስ እንጠቀምበታለን፤ ቢቋረጥ ከቆመበት ይቀጥላል። አልጋ ማስያዣውን ግን በፍጹም አላስቀምጥበትም።