የባለሱቋን ፎቶ የሎጎ ሥዕል ማድረግ፦ በአውቶማቲክ ወይስ በእጅ?

ቅመም የምትሸጥ ባለሱቅ ፊቷ በበርበሬ ማሸጊያዋ ላይ ሥዕል ሆኖ እንዲወጣላት ፈለገች እንበል። ሻሽ አስራለች፣ ክብ መነጽር አድርጋለች፣ ስትስቅ ፍንጭቷ ይታያል።

አንደኛው መንገድ ፎቶውን ኢንክስኬፕ በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ከፍቶ Path > Trace Bitmap የሚለውን መርጦ ፕሮግራሙ ራሱ ወደ መስመር ሥዕል እንዲቀይረው ማድረግ ነው። በደቂቃዎች ያልቃል፣ ነፃም ነው። ችግሩ ፕሮግራሙ ብርሃንና ጥላ እንጂ ፊት አያውቅም። ፎቶው ከላይ በሚመጣ ብርሃን ከተነሳ የአገጯ ጥላ ጢም ሆኖ ቁጭ ይላል፤ የመነጽሯ ነጸብራቅ ደግሞ ዓይኗን ይውጠዋል። መስመሩም በነጥብ ብዛት ይንቀጠቀጣል። Ctrl+L ያለሰልሰዋል፣ ጢሙን ግን አይላጭም።

ሁለተኛው ፎቶውን አደብዝዞ ከሥር ማስቀመጥና በላዩ፣ በሌላ ሌየር፣ በፕሮግራሙ የፔን መሣሪያ መሣል ነው። ሰዓታት ይፈጃል፤ ባለሙያ ከተቀጠረም ያስከፍላል። ግን ምን እንደሚቀር የሚወስነው ሰው ነው። ሻሹ፣ መነጽሩና ፍንጭቱ ጎላ ብለው ይቀራሉ፤ ለአፍንጫ አንድ አጭር መስመር ይበቃል፤ መጨማደድና ጥላ ይወጣሉ። (ባለቤቶችም መጨማደዱ ሲወጣ ቅር አይላቸውም።)

ልዩነቱ የሚታየው ሥዕሉ ሲያንስ ነው። ሁለቱንም በጥቁር ብቻ 15 ሚሊሜትር አድርጋችሁ አትሙ። የአውቶማቲኩ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል፤ የእጁ ያው ሳቂታ ሴት ነው። ማህተምና የቴሌግራም ምስል ስለማይቀሩ እኔ የእጁን እመርጣለሁ። አውቶማቲኩ የሚያዋጣው ትልቅ የግድግዳ ባነር ብቻ ከታሰበና ፎቶው በመስኮት ብርሃን፣ በነጭ ግድግዳ ፊት ከተነሳ ነው።