ደብዳቤ ለጻፈችልኝ እህታችን ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም የወሎ ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ የምጽፈው አንዲት እህታችንን በአደባባይ ለማመስገንና የእሷን ዓይነት ሰው ለሚፈልግ ባለሙያ ለመጠቆም ነው። ስሜን አደባባይ አታውጡብኝ ስላለችኝ ስሟን አልጽፍም። ደሴ ውስጥ እየኖረች ለነጋዴና ለባለሙያ የሥራ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ አብዛኛውን በኢሜይል።

እኔ ከሁለት ልጆች ጋር የውሃ ማሞቂያ ቦይለር እገጥማለሁ፣ እጠግናለሁ፣ አጸዳለሁ። ደንበኞቼ ሆቴሎችና ፔንሲዮኖች ናቸው፤ ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ፣ አንዳንዴም ላሊበላ ድረስ እሄዳለሁ። ሥራ የሚመጣልኝ ሰው ለሰው ሲነግርልኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ክረምቱ ሥራ አሳጣኝና፣ ለማያውቁኝ ሆቴሎች ልጻፍ ብዬ ለ43 ሆቴሎች አንድ ዓይነት ኢሜይል በአንድ ጊዜ ላክሁ። ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ፤ አንድም ሰው አልመለሰልኝም።

ያን ኢሜይል ሳሳያት እስከ መጨረሻው አላነበበችውም። ስልኳን አውጥታ «ጋሼ፣ ለእኔ ይላኩልኝ» አለችኝ፤ ላክሁላት። መልእክቱ ሲገባ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ይህ ብቻ ነበር፤ «ጉዳዩ፡- አገልግሎት ስለማስተዋወቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው ድርጅታችን...» ሥራ አስኪያጁ ከፍቶ ለማንበብም ሆነ ለማለፍ የሚወስነው ይህችን መስመር አይቶ ነው። እዚያ ውስጥ ስለ እሱ የሚናገር አንድም ቃል የለም። ከታች የደረደርኳቸው 11 አገልግሎቶች፣ የቦይለሮቹ ሊትር፣ የዋስትናው ጊዜ፣ ያያዝኩት ባለ ቀለም ብሮሹር ጭምር፣ ማንም ሳያያቸው ቀርተዋል።

እኔ የለመድኩት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። በእኛ ልማድ ደብዳቤ ማለት ጉዳዩ ተብሎ፣ ከላይ በርዕሱ ተብሎ፣ ከዚያ ራስን ማስተዋወቅ ነው። ለክፍለ ከተማ ወይም ለባንክ ከሆነ ትክክል ነው፤ ተቀባዩ ደብዳቤውን ማንበብ ሥራው ነው። የማያውቀኝ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ግን ደብዳቤዬን የማንበብ ግዴታ የለበትም። ይህን ልዩነት ያሳየችኝ እሷ ናት።

ከዚያ ስለ አገልግሎቶቼ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ «ሰዎች ሲደውሉልዎት መጀመሪያ የሚሉት ቃል ምንድን ነው?» አለችኝ። ትንሽ አሰብኩ። በዚህ ሁሉ ዓመት «የቦይለር ማጽዳት አገልግሎት እፈልጋለሁ» ብሎ የደወለልኝ ሰው የለም። የሚሉት «እንግዳ ጮኸብኝ»፣ «ማታ ደህና የነበረው ጠዋት በረዶ ሆነ»፣ «መብራቱ ይቆጥራል፣ ውሃው አይሞቅም» ነው። የደወሉ ሰዎችን የምመዘግብበት አሮጌ ደብተር ስለነበረኝ አብረን ገለጥነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጥሪ የመጣው ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነበር። እኔ ደብተሩን የያዝኩት ለሂሳብ ነው፤ እሷ ግን የደብዳቤው መነሻ እዚያ ውስጥ እንዳለ አየች።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍነው ላሊበላ ላለ አንድ ሆቴል ነው። ጊዜው ኅዳር ነበር። ታኅሣሥ 29 የገና በዓል ሲደርስ እዚያ ያሉ ሆቴሎች በእንግዳ ይሞላሉና ሥራ አስኪያጁ ስለ ክፍሎቹ የሚያስብበት ወቅት ነው። እሷ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጣ እንግዶች በኢንተርኔት ላይ ስለዚያ ሆቴል የጻፉትን አነበበች። የአልጋውንና የቁርሱን ምስጋና አልፋ ስለ ውሃ የተጻፈውን ብቻ ለየች። ከዚያ ይህን ጻፈች፤ ሙሉውን የማሰፍረው እሷን አስፈቅጄ፣ የሆቴሉን ስም ትቼ ነው።

ርዕስ፡- ጠዋት ሁለተኛው እንግዳ ሲታጠብ የሚቀዘቅዘው ውሃ

«ጤና ይስጥልኝ። ከመስከረም ወዲህ እናንተ ዘንድ ካደሩት እንግዶች አራቱ ስለ ሻወሩ ተመሳሳይ ነገር ጽፈዋል፤ ማታ ውሃው ሙቅ ነው፣ ጠዋት ግን ከአንድ ክፍል ሁለተኛው ሰው ሲገባ ይቀዘቅዛል። ሁለቱ ስለ መስተንግዶው በጣም አመስግነው ቅር ያላቸው ይህ ብቻ እንደሆነ ገልጸዋል።

ቦይለሩ ሳይጠፋ ሙቅ ውሃው ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከውሃው የሚወጣ ነጭ ድንጋይ ሬዚስታንሱ ላይ ተጋግሮና ከጋኑ ሥር ተከማችቶ መገኘቱ ነው። ጋኑ የሚይዘው ውሃ ያንሳል፣ ያለቀውን መልሶ ለማሞቅም ይዘገያል። አዲስ ቦይለር ሳይገዛ ተከፍቶ ሊጸዳ ይችላል፤ ለአንዱ ግማሽ ቀን ይበቃል።

ችግሩ ያለው በስንት ክፍሎች ነው? ቁጥሩን ቢነግሩኝ ከገና በፊት ያልቅ እንደሆነና እንዳልሆነ እነግርዎታለሁ።»

ከታች ስሜ፣ ስልኬና «የቦይለር ጥገና፣ ደሴ» የሚል መስመር ብቻ አለ። ብሮሹር አልተያያዘም። ካሉኝ 11 አገልግሎቶች የተጠቀሰው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ችግሩ ከተነገረ በኋላ ስለመጣ መፍትሔ ሆኖ ይነበባል። ሰላምታው እንኳ አንድ መስመር ነው። መጀመሪያ ላይ አጭር ሆነብኝ፤ በእኛ አገር ሰውን ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው ብዬ ተከራከርኳት። እሷም «ጋሼ፣ የሰውየውን ችግር ቁጭ ብሎ አንብቦ መምጣት ራሱ መጠየቅ ነው» አለችኝ።

ሌላ ልብ ያልኩት ነገር የቃላቱ ጥንቃቄ ነው። እኔ ብጽፈው «ሆቴላችሁ ሙቅ ውሃ የለውም» እል ነበር። እሷ ግን እንግዶቹ የጻፉትን ጠቀሰች፣ ምስጋናቸውንም አብራ አነሳች። የሰው ቤት ስም አልነካችም። መጨረሻ ላይ ያለውም ቀጠሮ ወይም ግዢ የሚጠይቅ አይደለም፤ በአንድ ቁጥር የሚመለስ ጥያቄ ነው።

ያም ሆኖ ወዲያው አልመለሰም። በአምስተኛው ቀን ሁለተኛ አጭር ኢሜይል ላክን። «ደብዳቤዬ ደርሶዎት ይሆን?» የሚል ብቻ እንዳይሆን ስላለች አንድ የሚጠቅመው ነገር ጠየቀችኝ። ቀዝቃዛ ውሃ የሞላውን ቦይለር አብርቶ ጆሮውን ቢያስጠጋ፣ ድንጋይ የያዘ ከሆነ ሲሞቅ እንደ ፈላ ጀበና ሲንኳኳና ሲንጣጣ እንደሚሰማ ነገርኳት። ይህን በሦስት መስመር ጻፈችለት፤ ጸጥ ካለ ችግሩ ሌላ ሊሆን እንደሚችልም ጨመረችበት። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ደወለ። «ዘጠኙን አዳመጥኩ፣ ስድስቱ ይጮኻሉ» አለኝ። ሄደን ስንከፍት ከአንዱ የ80 ሊትር ቦይለር ግማሽ ባልዲ የሚሆን ነጭ ድንጋይ አወጣን። ሁለቱ ሬዚስታንሳቸው ተቃጥሎ ስለነበር ቀየርናቸው። ከገና አንድ ሳምንት በፊት ጨረስን።

ሁሉም እንዲህ አልሆነም። ሐይቅ አካባቢ ላለ አንድ ማረፊያ የጻፍነው ደብዳቤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እዚያ ሙቅ ውሃ እንደሌለ ከአንድ ሹፌር ሰምቼ ነበርና እንዳየሁት አድርጌ ነገርኳት። ባለቤቱ በትሕትና መለሱ፤ «ቦይለሮቻችንን ባለፈው ወር ቀይረናል። የእኛ ችግር የመብራት መቆራረጥ ነው» አሉን። ችግርን አስቀድሞ የሚጽፍ ደብዳቤ ችግሩን ከሳተ ከአገልግሎት ዝርዝሩም የባሰ ነው። ዝርዝር የላከ ሰው ቢበዛ አሰልቺ ይባላል፤ የሌለ ችግር የጻፈ ግን እንደ ሐሜተኛ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲህ እኔም ተቀባዩም ልናየው የምንችለውን ብቻ እንደ እውነት እንጽፋለን። ግምት የሆነውን በጥያቄ እናቀርባለን፤ «ማለዳ ላይ ሙቅ ውሃ ያልቅባችኋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ምንም ካልተገኘ አንጽፍም።

ጽፌ ስጨርስ የምፈትንበትን ዘዴም አስተምራኛለች። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ይዤ የሆቴሉን ስም በሌላ ሆቴል ስም እቀይረዋለሁ። አሁንም እውነት ሆኖ ከተነበበ ገና ችግሩን አላገኘሁም ማለት ነው። «ብዙ ሆቴሎች የሙቅ ውሃ ችግር አለባቸው» የሚለው ለሁሉም ይሆናል፣ ስለዚህ ለማንም አይሆንም። «ጠዋት ሁለተኛው ሰው ሲገባ ይቀዘቅዛል» የሚለው ግን ያን ሥራ አስኪያጅ ብቻ ያስነሳዋል።

እስካሁን 14 ደብዳቤ ጽፈናል። ስድስቱ መልሰዋል፣ አራቱ ሥራ ሆነዋል። ለእኔና ለሁለቱ ልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በጥር ወር ከደመወዛቸው ሳልቀንስ የከፈልኳቸው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ ደብዳቤ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፣ ስለዚህ በቀን 50 መላክ አይቻልም። ለመቶ ሰው አንድ ዓይነት ጽሑፍ እንድትበትንላችሁ ከፈለጋችሁ እሷ አትቀበልም፤ ለእኔም መጀመሪያ የነገረችኝ ይህንን ነው። ዕቃቸው ርካሽ ለሆነና በየቀኑ ብዙ ሰው ለሚያስተናግዱም አይመችም። አንድ ደንበኛ ሲገኝ የሁለት ሰዓት ድካም የሚመልስ ሥራ ላላችሁ ግን፣ ለጀነሬተር ጠጋኞች፣ ለሂሳብ ባለሙያዎች፣ ለፋብሪካ የደንብ ልብስ ለምትሰፉ፣ እሷን አነጋግሩ እላለሁ።

እህቴ፣ የሥራዬን ቋንቋ ከደንበኞቼ አፍ አንስተሽ መልሰሽ ሰጥተሽኛል። ያ የሐይቁ ደብዳቤ ሲሳሳት እኔን ሳትወቅሺ «አብሽር ጋሼ፣ ይቅርታውን አብረን እንጽፋለን» ያልሽውንም አልረሳውም። እጅሽ ይባረክ፣ እናትሽን ያኑርልሽ፣ እንጀራሽን ያስፋልሽ።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ብሮሹራችሁን ቤት ተዉትና የደወሉላችሁ ሰዎች ያሉትን የመዘገባችሁበት ደብተር ካለ እሱን ይዛችሁ ሂዱ። ከሌላችሁ ዛሬ ከሚደውለው ጀምሩ፤ የሚለውን ቃል ሳታሳምሩ፣ እንደወረደ ጻፉት።