በየ5 ሰከንዱ ከቪዲዮ ምስል ማውጣት፦ የቱ ይሻላል?

የአንድ ሰዓት የሰርግ ቪዲዮ ለስላይድ ሾው ይፈለጋል እንበል። በየ5 ሰከንዱ አንድ ምስል ቢወጣ 720 ይሆናል።

ለዚህ ብቻ ብላችሁ ፕሪሚየርን የመሰለ በየወሩ የሚከፈልበት ማቀናበሪያ አትግዙ። የካሜራ ምልክቱ የሚያወጣው ያቆማችሁበትን አንድ ፍሬም ነው። በቪዲዮው ፍጥነት ተከታታይ ምስል አድርጋችሁ ኤክስፖርት ካደረጋችሁት ደግሞ ሁሉንም ያወጣዋል። በሰከንድ 25 ፍሬም የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 90,000 ምስል ይሆንባችኋል።

ነፃ ከሆኑት አንዱ ብዙዎቻችን ኮምፒውተር ላይ ያለው ቪኤልሲ ነው። በዝርዝር ቅንብሮቹ ውስጥ `Scene filter` የሚባል አለ። ችግሩ `Recording ratio` የሚቆጥረው ሰከንድ ሳይሆን ፍሬም መሆኑ ነው። ለ25 ፍሬም ቪዲዮ 125፣ ለ30 ደግሞ 150 መሙላት አለባችሁ። የስልክ ቪዲዮ የፍሬም ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ ክፍተቱ እኩል አይሆንም። ምስሉን የሚያስቀምጠውም ቪዲዮውን እያጫወተ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ይፈጃል። ስትጨርሱ ማጣሪያውን አጥፉት። ካልሆነ ቀጥሎ የምታዩት ፊልም ሁሉ ፎልደራችሁን በምስል ይሞላዋል።

እኔ የምመርጠው ኤፍኤፍኤምፔግን ነው። እሱም ነፃ ነው። ትእዛዝ መጻፍ ቢያስፈራም አንድ መስመር ብቻ ናት፦

```
ffmpeg -i serg.mp4 -vf fps=1/5:round=up -q:v 2 img_%04d.jpg
```

የሚከተለው የቪዲዮውን ሰዓት ስለሆነ የፍሬም ፍጥነት አያሳስባችሁም። `-q:v 2` የጄፔጉን ጥራት ከፍ ያደርጋል፤ ከተዋችሁት ምስሉ ተጨምቆ ፊት ላይ መደብዘዝ ሊታይ ይችላል።

`round=up` ግን ብዙ ሰው የሚዘነጋት ነች። ያለሷ የመጀመሪያው ምስል ከ0 ሳይሆን ከ2.5 ሰከንድ አካባቢ ይወሰዳል፤ ቀጣዩ ከ7.5። ለስላይድ ሾው ምንም አይደለም። መንገድ ላይ የሚያልፉ መኪናዎችን ከሰዓታቸው ጋር ለሚመዘግብ ሰው ግን መዝገቡ በሙሉ ይዛባል። ከሷ ጋር 13ኛው ምስል 60ኛው ሰከንድ ላይ ይሆናል። ቪዲዮውን እዚያ ላይ አቁማችሁ ከምስሉ ጋር አስተያዩ።

አንዱም ቢሆን ሙሽራዋ ዓይኗን መጨፈኗን አያውቅም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ያነሳል። ስለዚህ ለሰርግ `1/5`ን በ`1/2` ቀይሩት። 1,800 ምስል ይወጣል፤ የማያምሩትን በእጃችሁ ትጥላላችሁ። ሙሉውን ከማስጀመራችሁ በፊት ከ`-i` ቀድማችሁ `-t 60` ጨምሩና የመጀመሪያዋን ደቂቃ ብቻ አውጥታችሁ ጥራቱን እዩ።