ፊት ቀያሪው ሶፍትዌር ጺም ላይ ሲደርስ

ቪዲዮ ላይ የአንዱን ሰው ፊት በሌላው የሚተካውን ይህን ፊት ቀያሪ ሶፍትዌር ገዝቼ ስሠራበት ወራት አልፈዋል። ሁለቱም ሰዎች የተላጩ ከሆኑ እንከን አይወጣለትም። የሚያናድደኝ ጺም ነው።

የአጭር ድራማችን ዋና ተዋናይ ቀረጻው ሳያልቅ ውጭ አገር ሄደ። እሱ ራሱ ስለፈቀደ የቀሩትን ትዕይንቶች በምትክ ቀርጸን የእሱን ፊት ልናስገባ ተስማማን። ተዋናዩ ሙሉ ጺም አለው፤ ምትኩ ልጅ ሙልጭ ብሎ የተላጨ ነው። ሻጩ "አታስብ፣ ጺሙን ራሱ ያበቅለዋል" አለኝ። እውነትም አበቀለው። እስከ መንጋጋው ጠርዝ ብቻ!

ሶፍትዌሩ የሚቀይረው ማስኩ፣ ማለትም ፊቱ ላይ የሚከለለው ቦታ፣ ውስጥ ያለውን ነው። full face የሚለው ምርጫ አገጭ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በታች የልጁ ባዶ አንገት ይቀጥላል። whole face ሰፋ ይላል፣ ግን ጆሮን አይነካም። ስለዚህ ማስኩን በእጄ እየሣልኩ እስከ ጺሙ ጫፍ አወረድኩት። ከፊት ሲታይ ጥሩ ሆነ። ልጁ ወደ ጎን ሲዞር ግን ጉዱ ወጣ፦ ጆሮው የራሱ ነው፣ ከጆሮው ፊት ያለው ጠጉርም የራሱ ነው፣ ጺሙ ደግሞ የሌላ ሰው። መሃል ላይ ባዶ ቆዳ ቀረ። ጠርዙን ባደበዝዘው ባሰ። ድብዘዛ ቆዳ ላይ ስፌቱን ይደብቃል፤ ጠጉር ላይ ግን ጺሙን ጭስ ያስመስለዋል።

ሪዙም ሲያወራ ይርገበገብ ነበር። ይሄ ከማስኩ አልነበረም። የተዋናዩን ፊት ለሚማረው ሞዴል ማሠልጠኛ ከሰበሰብነው ምስል ውስጥ ጺሙን ባሳጠረበት ጊዜ የተነሣው ተቀላቅሏል። ሞዴሉ ረጅሙንና አጭሩን ሲያማክል የትኛውንም ያልሆነ ነገር ያወጣል። አጭሩን ለይቼ አውጥቼ እንደገና ሳሠለጥነው ሪዙ ረጋ።

የጆሮውን በኩል የፈታልን ግን ሶፍትዌሩ ሳይሆን ጸጉር አስተካካይ ነው። ልጁ ጺሙን አሳደገ፣ በተዋናዩ ልክ ተከረከመ፣ እኛም እንደገና ቀረጽን። የማስኩ ጠርዝ ጺም ከጺም የሚገናኝበት ቦታ ላይ ስለወደቀ ስፌቱ ጠፋ።

በተቃራኒው፣ ምትኩ ጺማም ሆኖ ተዋናዩ የተላጨ ከሆነ አትድከሙ። ከማስኩ ውጭ ያለው ጺም ከነአንገቱ ይቀራል፤ ከሥሩ ያለውን ቆዳ ሶፍትዌሩ አይቶት አያውቅም። ልጁን ላጩትና ቅረጹ።

ሻጩ አሁን ቢደውልልኝ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ያሳየኸኝ ናሙና ላይ ለምን ሁሉም ሰው የተላጨና ፊት ለፊት የሚያይ ሆነ? የምትገዙ ከሆነ ጺማም ሰው ወደ ጎን ሲዞር የሚያሳይ ቪዲዮ ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው አሠርታችሁ ፍሬም በፍሬም ከጆሮው ሥር ተመልከቱ። እኔ ገንዘቤ ያሳዝነኛል፤ ደንበኝነቱን ግን እስካሁን አላቋረጥኩም።