ከሰላምታ በኋላ፦ አጭር ትውውቅ ወይስ ሙሉ?

በሥልጠና አዳራሽ አጠገብዎ የተቀመጠችውን ሴት ሰላም ብለዋል እንበል። ቀጥሎስ?

አጭሩ፦ «ሳራ እባላለሁ፤ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው።» ለመናገር ቀላል ነው፤ የሚያስጸጽትም ነገር የለውም። ስምና የሥራ ክፍል ብቻ ከሆነ ግን ሌላው ሰው ምን ብሎ እንደሚቀጥል ይቸግረዋል፤ ዝምታ ይከተላል። «አዲሱን የደመወዝ አሠራር ልማር መጣሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨመርበት ወሬው መንገድ ያገኛል።

ሙሉው፦ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጆች፣ የትውልድ ቦታ በአንድ ትንፋሽ። ቶሎ ያቀራርባል። ችግሩ፣ ሰሚው ያንኑ ያህል የመመለስ ግዴታ ይሰማዋል። በቅርቡ ሥራ ለለቀቀ ወይም ትዳሩ ለፈረሰ ሰው «አንተስ?» የምትለው ቃል ከባድ ናት። መልሱ ካጠረ፣ ዓይኑም ወደ ስልኩ ከሄደ፣ እዚያው ማቆም ነው። ደግሞ የመሥሪያ ቤት፣ የሰፈርና የልጆች ትምህርት ቤት ስም አንድ ላይ ከተነገሩ ቤትዎን ለማግኘት ሊበቁ ይችላሉ፤ ይህን ለማያውቁት ሰው መስጠት፣ በእኔ እምነት፣ የዋህነት ነው።

ለስብሰባ፣ ለጉዞና ብዙ ሰው ለሚሰማበት ቦታ አጭሩ ይስማማል። ለአዲስ ጎረቤት፣ ለአማት ቤተሰብ ወይም ለወራት አብሮ ለሚሠራ ባልደረባ ሙሉው ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተባለ።