የደበዘዘ ሎጎ ለትልቅ ባነር፦ መለጠጥ፣ ትሬስ ማድረግ ወይስ እንደገና መሣል?

ጥምቀት ሲቃረብ በምሠራበት የኅትመት ቤት ደጃፍ ሰው አይጠፋም። ሆቴሉም፣ ምግብ ቤቱም፣ ማኅበሩም ባነር ይፈልጋል። የሚበዛው ደንበኛ ሎጎውን የሚያመጣው ደግሞ በቴሌግራም በተላከ ፎቶ መልክ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ባነር አዘዙኝ። ሎጎው በባነሩ ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖረው ፈለጉ። የላኩልኝ ምስል ግን ወርዱም ቁመቱም 320 ፒክስል ብቻ ነበር። «እትዬ፣ ይህ ሲታተም ይደበዝዛል» ስላቸው ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝና «ልጄ፣ እዚህ ላይ እኮ ጥርት ብሎ ይታያል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ስልኩ ላይ ሎጎው የአውራ ጣት ስፋት ብቻ ስለሆነ 320 ፒክስል ይበቃዋል፤ እንዲያውም ይተርፈዋል። ባነሩ ላይ ግን እነዚያው 320 ነጥቦች 800 ሚሊ ሜትር መሸፈን አለባቸው። 800ን ለ320 ስናካፍል እያንዳንዱ ፒክስል 2.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የምስር ፍሬ ግማሽ ያህል የሆነች አራት ማዕዘን ማለት ነው። ማንኛውም ባለጉዳይ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ይህችን አንዲት ማካፈል ቢሠራት ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ተመልካቹ የሚቆምበት ርቀት ነው። ጤነኛ ዓይን ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነች ነገር ለይቶ ያያል፤ ርቀቱ ሲጨምር ይህ ልክ አብሮ ያድጋል። ስለዚህ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ፒክስል ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ሲርቁት ከጎረቤቱ ጋር ይዋሃዳል፤ 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ ወደ ዘጠኝ ሜትር ይፈልጋል። የእትዬ ባነር የሚሰቀለው ከምግብ ቤታቸው በር በላይ ነው፤ በእግረኛ መንገዱ የሚያልፈው ሰው በሦስትና በአራት ሜትር ውስጥ ያየዋል። ያው ባነር ፎቅ ላይ ተሰቅሎ ከማዶ የሚታይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ጄፔግ የሚባለው የፎቶ ፋይል ምስሉን የሚያምቀው ስምንት በስምንት ፒክስል በሆኑ ሳጥኖች ከፋፍሎ ነው። ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ እንደ ፎቶ ሲላክ እንደገና ሊታመቅ ይችላል፤ በፊደላቱ ዙሪያ የሚታየው ግራጫ ቆሻሻ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። በእትዬ ሎጎ ላይ ስምንት ፒክስል ማለት 2 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ያ ቆሻሻ ፒክስሉ ከማይታይበት ርቀት ጭምር ሊታይ ይችላል። ነጭ መደብ ላይ ጠቆር ያለ ጽሑፍ ካለ ይብሳል።

ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት ግን ገንዘብ የማያስወጣውን መንገድ ሞክሩ፤ ዋናውን ፋይል ፈልጉ። ሎጎውን የሠራው ሰው ባይገኝ እንኳ ማኅተማችሁን የቀረጸው፣ ደረሰኛችሁን ወይም ካላንደራችሁን ያሳተመው ቤት በ.cdr፣ በ.ai ወይም በ.pdf ፋይል አስቀምጦት ሊሆን ይችላል። ፋይሉን ስታገኙ ከፍታችሁ እስከሚችለው ድረስ አጉሉት። የፊደሉ ጠርዝ እንደ ምላጭ ስል ሆኖ ከቀጠለ ቬክተር ነው፤ በመስመርና በኩርባ ስሌት የተሣለ ስለሆነ ወደፈለጋችሁት መጠን ያድጋል። አራት ማዕዘን ነጥቦች ከመጡ ግን ፎቶው ፒዲኤፍ ውስጥ ተለጥፎ ነው። የፋይሉ ስም መለወጡ ምስሉን ቬክተር አያደርገውም።

ዋናው ፋይል ከሌለ ሦስት መንገዶች ይቀራሉ።

የመጀመሪያው መለጠጥ ነው። ፎቶሾፕ ውስጥ መጠኑን ሲያሳድጉት ፕሮግራሙ በሁለት ፒክስሎች መካከል ያለውን ቦታ በአማካይ ቀለም ይሞላል። ደረጃ ደረጃ የነበረው ጠርዝ ለስላሳ ይሆናል፤ ለስላሳ ሲሆን ግን ይደበዝዛል። በአንድ ኢንች የሚገባውን የነጥብ ብዛት፣ ዲፒአይ የሚባለውን ቁጥር፣ ከ72 ወደ 300 ቀይሮ «ጥራቱን ጨምሬዋለሁ» የሚል ባለሙያ ቢያጋጥማችሁ አትቀበሉት፤ ፋይሉ ይከብዳል እንጂ በምስሉ ውስጥ ያልነበረ ጠርዝ አይፈጠርም። ይህን ስል ግን መለጠጥን መናቄ አይደለም። ምስላችሁ 1600 ፒክስል ስፋት ያለው ንጹሕ ፒኤንጂ ቢሆን በ80 ሴንቲ ሜትር ላይ እያንዳንዱ ፒክስል ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሁለት ሜትር ወዲያ ማንም አይለየውም። ለዚህ ዓይነቱ እንደገና ሣሉልኝ ብሎ መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው። ለሦስት ቀን ብቻ ከፍ ብሎ የሚሰቀል ባነርም እንዲሁ።

ሁለተኛው በባለሙያዎች አነጋገር ትሬስ ማድረግ ነው። ኢሉስትሬተር ውስጥ Image Trace፣ ኢንክስኬፕ ውስጥ Trace Bitmap የሚባለው ትእዛዝ የቀለሞቹን ድንበር ተከትሎ በራሱ መስመር ያወጣል። በደቂቃዎች ያልቃል፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ውጤቱ ቬክተር ስለሆነ ደንበኛው ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጠነቀቀው ከዚህ ነው፤ ምክንያቱም መለጠጥ ስሕተትን ያደበዝዛል፣ ትሬስ ግን ስሕተቱን አጥርቶ ያትመዋል።

በእትዬ ሎጎ ላይ ሞክሬ አሳየኋቸው። በክቡ ውስጥ «ምግብ ቤት» የሚል ጽሑፍ አለ፤ የፊደላቱ ቁመት 20 ፒክስል ያህል ነው። የ«ቤ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት ውስጧ አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ብቻ ስለሆነ ፕሮግራሙ ቀዳዳውን እንደ ጉድፍ ቆጥሮ ደፈነው። የተደፈነ ቀለበት ደግሞ የ«ቢ» እግር ይመስላል። በትልቁ ሲወጣ «ምግብ ቢት» ተባለ። የላቲን ፊደል እንዲህ ያለውን ጉዳት አንዳንዴ ችሎ ያልፈዋል፤ የእኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚለውጠው በእነዚህ ጥቃቅን ቀለበቶችና ጭረቶች ስለሆነ አይችለውም። ከጽሑፉ በላይ የፋሲል ግንብ ምስል ነበር፤ በግድግዳው ጫፍ የተደረደሩት ጥርሶች ማዕዘናቸው ጠፍቶ እንደ ቀለጠ ሻማ ተንዠርግገዋል።

ትሬስ የሚያዋጣው ሎጎው አንድ ወይም ሁለት ድፍን ቀለም ሲኖረው፣ ምስሉ ቢያንስ ወደ 1000 ፒክስል ሲደርስና ጥቃቅን ጽሑፍ ሳይኖርበት ነው። እንደ ቅጠል ወይም እንደ ወፍ ያለ ወጣ ገባ ቅርጽ ከሆነ እጅን ያሳርፋል። ምስሉ ትንሽ ቢሆንም ሎጎው በጥሩ ሁኔታ የታተመበት የንግድ ካርድ ካለ እሱን አምጡ። 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ የካርድ ሎጎ በ1200 ዲፒአይ ስካን ሲደረግ 1400 ፒክስል ያህል ይሰጣል፤ ከቴሌግራሙ ፎቶ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ቀለሙ በአጉሊ መነጽር ሲታይ በነጠብጣብ የተሠራ ከሆነ ግን ስካነሩ ነጠብጣቡንም አብሮ ስለሚያነሣው ለትሬስ አይመችም፤ አስመስሎ ለመሣል ግን ያገለግላል።

ሦስተኛው ባለሙያው ምስሉን ከሥር አድርጎ እንደገና ሲሥለው ነው። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ የእትዬ ሎጎ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጅቶብኛል። ክቡን በክብ መሣሪያ ሠራሁት። የግንቡን አንድ ጥርስ በቀጥታ መስመር ሥዬ በእኩል ርቀት ደረደርኩት፤ ከማዕዘኖቹ ክብ ማማዎች አንዱን ሥዬ ለሌላው ገለበጥኩት። ጽሑፉን ከምስሉ አልሣልኩትም፤ የሚመሳሰለውን የፊደል ዓይነት ፈልጌ በኪቦርድ ጻፍኩትና ወደ ኩርባ ቀየርኩት። ወደ ኩርባ ካልተቀየረ ያ የፊደል ዓይነት የሌለበት ኮምፒውተር ሲከፍተው ሌላ ፊደል ይተካበታል።

እንደገና መሣልም የማያደርገው ነገር አለ። ምስሉ ላይ የሌለውን አያውቅም። በግንቡ በር ላይ ሦስት ፒክስል የሆነ ቡናማ ነጥብ ነበረ፤ መስቀል ይሁን መስኮት ልለየው ስላልቻልኩ ደውዬ ጠየቅሁ። «መስኮት ናት፤ ባለቅስት» አሉኝ። እንዲህ ያለውን ሳይጠይቅ በግምት የሚሞላ ባለሙያ የእናንተን ሎጎ ሳይሆን የራሱን ነው የሚሥለው። ሎጎው ውስጥ የሰው ፊት ወይም ብዙ ጥላ ያለው ፎቶ ካለ ደግሞ ቬክተር ማድረጉ አያዋጣም፤ ጥራት ያለው ፎቶ ማንሣት ወይም ቀለል ያለ ቅጂ ማሠራት ይሻላል።

እኔ ደንበኛ ብሆን የምመርጠው እንዲህ ነው። ሎጎው የጽሑፍ ሎጎ ከሆነ፣ በተለይ በአማርኛ፣ ፒክስሉም ከ1 ሚሊ ሜትር የሚበልጥና በቅርብ የሚታይ ከሆነ ያለማመንታት እንደገና አሥለው ነበር። ክፍያው አንዴ ነው፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ታፔላ፣ ለመኪና ጽሑፍና ለሠራተኞች ልብስ ያው ፋይል ያገለግላል። ሰዎች አጠገቡ ቆመው ፎቶ የሚነሡበት የሠርግ ወይም የምረቃ ባነር ከሆነም ምርጫው ይኸው ነው፤ ካሜራ ጉድፍ አያልፍም።

«ሣልኩት» ተብሎ የተሰጣችሁ ፋይል በእውነት ተሥሎ እንደሆነ ማየትም ትችላላችሁ። ኢሉስትሬተር ውስጥ Ctrl+Y ተጭነው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ቀለሙ ይጠፋና ባዶ መስመሩ ይቀራል። በዚያው ክቡን ሲመርጡት በእጅ የተሠራው አራት ነጥቦች ብቻ ይኖሩታል። በትሬስ የወጣው ክብ ግን በብዙ ነጥቦች የታጨቀ፣ ጠርዙም እዚህም እዚያም የሚወላገድ ነው። በእጅ ለተሣለ ዋጋ ከፍላችሁ ይህን ካያችሁ መልሱለት።

ሥራው ሲያልቅ ፒዲኤፉንና ከጀርባው መደብ የሌለው ትልቅ ፒኤንጂ ተረከቡ፤ በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክላችሁ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ተመልሶ ይታመቃል። እትዬ ባነራቸውን ከማሳተማቸው በፊት ሎጎውን ብቻ በ80 ሴንቲ ሜትር በቁራጭ አትሜ በራቸው ላይ ይዤላቸው ቆምኩ። አራት ሜትር ያህል ርቀው አዩት፤ ከዚያ ቀረብ ብለው የ«ቤ»ን ቀለበት በጣታቸው ነኩና «አሁን ቤት ሆነ» አሉ።