የካርድ ቁጥርን መስጠት ወይስ በስልክ ዋሌት መክፈል፦ ቶከን ገዢን እንዴት ይጠብቃል?

ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ካርዴ ኪሴ ውስጥ እያለ በስልክ መክፈል ምን ይጨምርልኛል? ስልኩ ቢሰረቅስ የባሰ አይሆንም ወይ?» እያሉ ነው። መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጠው። ሁለቱም መንገዶች ባሉበት ሁሉ እንደ አፕል ፔይና ጉግል ዋሌት ያለውን የስልክ ዋሌት እመርጣለሁ፤ በኢንተርኔት ሲገዛ ደግሞ ምርጫዬ ይበልጥ ይጠነክራል። ለዚህ ያበቃኝ ፍጥነቱ ወይም ምቾቱ ሳይሆን ስልኩ ለሻጩ የሚያስተላልፈው ቁጥር የካርዱ እውነተኛ ቁጥር አለመሆኑ ነው።

የካርድ ትልቁ ድክመት ቁጥሩ ለሁሉም ሻጭ አንድ መሆኑና ካርዱ እስኪቀየር ድረስም አለመለወጡ ነው። ለአንድ ሱቅ የተሰጠው ቁጥር በሌላውም ይሠራል፤ ስለዚህ ገዢው ከከፈለባቸው ሻጮች ሁሉ በጥበቃው ደካማ የሆነው አንዱ የሌሎቹን ጥንቃቄ ከንቱ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ታርጌት በተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ድርጅት የክፍያ ማሽኖች ውስጥ ሰርጎ የገባ ፕሮግራም 40 ሚሊዮን ያህል የካርድ መረጃዎችን ሰርቋል። በ2018 ደግሞ በብሪቲሽ ኤርዌይስ ድረ ገጽ ላይ የተተከለ፣ ከሁለት ደርዘን መስመር ያነሰ ኮድ፣ ደንበኞች በክፍያ ቅጹ ላይ የሚጽፉትን ቁጥር፣ የማብቂያ ቀንና ከካርዱ ጀርባ ያለውን ባለ ሦስት አሃዝ ኮድ እየገለበጠ ወደ ሌቦቹ ይልክ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ገዢዎቹ ያጠፉት ጥፋት አልነበረም፤ የታመነ ሻጭ ዘንድ ሄደው በአግባቡ ከፈሉ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ከእጃቸው ውጪ ነበር።

የስልክ ዋሌት ይህን የሚፈታው ቁጥሩን ይበልጥ በመደበቅ ሳይሆን ከግብይቱ በማውጣት ነው። ካርድዎን ዋሌቱ ላይ ሲመዘግቡ መረጃው ተመስጥሮ እንደ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ወዳለው የካርድ ኔትወርክ ይሄዳል፤ ኔትወርኩም ባንክዎን «ይህ ካርድ በዚህ ስልክ ላይ ይጫን?» ብሎ ይጠይቃል። ባንኩ ከፈቀደ፣ ብዙ ጊዜም በአጭር መልእክት በሚልከው ኮድ ካረጋገጠ በኋላ፣ ኔትወርኩ መልኩ የካርድ ቁጥር የሚመስል ሌላ ቁጥር ያወጣል። ቶከን የሚባለው ይህ ነው። የትኛው ቶከን የትኛውን ካርድ እንደሚወክል የሚያውቀው መዝገብ በኔትወርኩ ዘንድ ይቀመጣል፤ ስልክዎ የሚረከበው ቶከኑንና ክፍያ ለመፈረም የሚያገለግል ምስጢራዊ ቁልፍ ብቻ ነው። አፕል ቶከኑን ስልኩ ውስጥ ባለ ራሱን የቻለ የተጠበቀ ቺፕ ላይ ያስቀምጠዋል። ጉግል ዋሌት ደግሞ በአብዛኛው ስልኩን አጠቃቀማቸው የተገደበና በየጊዜው የሚታደሱ ቁልፎችን እያስያዘ ይሠራል። አሠራሩ ቢለያይም ሻጩ ዘንድ የሚደርሰው በሁለቱም ቶከን ነው።

አንድ ግዢ ከነዝርዝሩ እንይ። የፕላስቲክ ካርድዎ በ4827 የሚያልቅ፣ ስልክዎ ላይ ያለው ቶከን ደግሞ በ0936 የሚያልቅ ነው እንበል። ጫማ ገዝተው ስልክዎን በጣት አሻራ ወይም በፊት መለያ ከፍተው ወደ ክፍያ ማሽኑ ያስጠጋሉ። ማሽኑ የዋጋውን መጠንና ለዚያ ቅጽበት ብቻ ያወጣውን የዘፈቀደ ቁጥር ለስልኩ ይሰጣል፤ ስልኩም እነዚህን ከራሱ የግብይት ቆጣሪ ጋር አድርጎ በምስጢራዊው ቁልፍ በማስላት ለዚህ ክፍያ ብቻ የሚያገለግል ኮድ ያወጣል። ከሱቁ የሚወጣው ጥያቄ በ0936 የሚያልቀውን ቶከንና ይህን ኮድ የያዘ ነው። ጥያቄው ኔትወርኩ ጋር ሲደርስ ኮዱ ትክክል መሆኑ፣ ቶከኑም በተፈቀደለት መንገድ መምጣቱ ይመረመራል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ቶከኑ ወደ 4827 ተመልሶ ወደ ባንክዎ ይተላለፋል። እውነተኛው ቁጥር በሱቁ ማሽን፣ በሱቁ ኮምፒዩተርም ሆነ በሱቁ ባንክ በኩል አያልፍም።

አሁን ሌባ የሱቁን ኮምፒዩተር ሰብሮ ገባ እንበል። የሚያገኘው 0936ንና ያገለገለውን ኮድ ነው። ቶከኑን በሌላ የኢንተርኔት ሱቅ ቅጽ ላይ ቢጽፈው ክፍያው ከስልኩ የመነጨ ኮድ ስለሌለው ውድቅ ይሆናል። በባዶ ካርድ ማግኔት ላይ ገልብጦ ቢሞክርም ውጤቱ ያው ነው፤ አሮጌውን ኮድ ደግሞ ቢልከው ቆጣሪው ያጋልጠዋል። በዚያው ሱቅ በፕላስቲኩ ከፍለው ቢሆን ኖሮስ? ለፍትሐዊነት ያህል፣ ባለ ቺፕ ካርድም ለየክፍያው የተለየ ኮድ ስለሚያወጣ ቺፑን መገልበጥ አይቻልም። ሆኖም ቺፑ እውነተኛውን ቁጥርና የማብቂያ ቀኑን ለማሽኑ ይሰጣል፤ በማስጠጋት ሲከፍሉም እንዲሁ። ከጀርባ ያለውን ባለ ሦስት አሃዝ ኮድ የማይጠይቁ የኢንተርኔት ሻጮች ስላሉ እነዚህ ሁለቱ ብቻ እንኳን ለሌባ ዋጋ አላቸው። ስለዚህ በማሽን ላይ የስልኩ ብልጫ መጠነኛ ሲሆን፣ ቁጥሩን በእጅ ከመጻፍ ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ለገዢው በዋሌት ማስጠጋት የተለየ ክፍያ የለውም። አንድ ሰው ማትረፉ ስለማይቀር ማን እንደሚከፍል ማወቅ ጥሩ ነው፤ ለምሳሌ አፕል በአሜሪካ ከክሬዲት ካርድ ግብይት 0.15 በመቶ የሚወስደው ካርዱን ካወጣው ባንክ ነው፤ ከ100 ዶላር 15 ሳንቲም ማለት ነው። የቁጥር መሰረቅ ወጪ ግን በገዢው ላይ ይወድቃል። ባንኩ የተጭበረበረውን ገንዘብ ቢመልስ እንኳን ካርዱ ይዘጋል፣ አዲስ እስኪመጣ ይጠበቃል፣ በአንዳንድ ባንክ የመተኪያ ክፍያ አለው፣ በድሮው ቁጥር በየወሩ የሚከፈሉ አገልግሎቶችም ሊቋረጡ ይችላሉ። ስልክ ሲጠፋ በአንጻሩ የሚታገደው 0936 ብቻ ነው፤ ቤት ያለው 4827 ሥራውን ይቀጥላል። «ስልኩ ቢሰረቅስ» ለሚሉኝም ይኸው ነው መልሴ፤ የተቆለፈ ስልክ ያለ እርስዎ ጣት፣ ፊት ወይም የይለፍ ቁጥር ሱቅ ውስጥ ትልቅ ክፍያ አይፈጽምም፤ የተገኘ የፕላስቲክ ካርድ ግን አነስተኛ ክፍያዎችን ያለ ምንም ጥያቄ ሊፈጽም ይችላል።

ዋሌቱ ገንዘብ የሚያስወጣባቸው ሁኔታዎችም አሉ። በትራንስፖርት ላይ የቀን የክፍያ ጣሪያ ባለበት ቦታ ጠዋት በፕላስቲኩ፣ ማታ በስልኩ ቢከፍሉ ሥርዓቱ ሁለት የተለያዩ ተሳፋሪዎች አድርጎ ሊቆጥርዎትና ጣሪያው ሊያመልጥዎት ይችላል። ዕቃ ሲመልሱ ደግሞ ደረሰኙ ላይ 0936 ስለሚታይ ፕላስቲኩን ይዘው የሄዱ እንደሆነ ሻጩ «ይህ የከፈሉበት ካርድ አይደለም» ይላል። የከፈሉበትን ያንኑ ስልክ እንደገና ማስጠጋት ነው፤ የቶከኑ የመጨረሻ አራት አሃዞችም በዋሌቱ የካርድ ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሸወድበት ነገር ልምጣ፤ ዋሌት የሚመስሉ ግን ያልሆኑ አሉ። ብሮውዘር ላይ የተቀመጠ ካርድ በክፍያ ቅጽ ላይ ራሱ ሲሞላ ምቾት ይሰጣል፤ የሚሞላው ግን እውነተኛውን ቁጥር ነው፤ የብሪቲሽ ኤርዌይሱ ዓይነት ኮድ ይህንንም ይገለብጠዋል። ካርድ ፎቶ አንስተው የሚያስቀምጡ «ዋሌት» ተብዬ መተግበሪያዎች ከዚህም የባሱ ናቸው፤ ቶከን አያወጡም፤ ቁጥሩን ለአንድ ተጨማሪ ሰው ይሰጣሉ እንጂ። መለያው ቀላል ነው፦ እውነተኛ ምዝገባ ሲሆን ባንክዎ ያውቃል፤ ወይ የማረጋገጫ ኮድ ወይ ካርድዎ ስልክ ላይ መጨመሩን የሚገልጽ መልእክት ይልካል፤ ዋሌቱም ከካርድዎ የተለየ ሌላ አራት አሃዝ ያሳያል። ባንኩ ምንም ካላለና የሚታየው 4827 ብቻ ከሆነ ይጠራጠሩ። በጉግል ፔይ በኩል በኢንተርኔት ሲከፈልም ልዩነት አለ። ሻጩ ሥርዓቱን ሲገነባ `CRYPTOGRAM_3DS` ወይም `PAN_ONLY` የሚባሉትን መንገዶች ይፈቅዳል፤ የመጀመሪያው የስልኩን ቶከን ከነኮዱ ሲልክ፣ ሁለተኛው በጉግል አካውንት ላይ የተቀመጠውን እውነተኛ ቁጥር መስጥሮ ያስተላልፋል። በእጅ ከመጻፍ ቢሻልም ቶከን ነው ብለው አይቁጠሩት።

ለዚህ ብለው ስልክ የሚገዙ ከሆነ ርካሹን ከማንሳትዎ በፊት ሁለት ነገር ይፈትሹ። ከክፍያ ማሽን ጋር በቅርብ ርቀት የሚነጋገርበት ኤንኤፍሲ የሌለው ስልክ በማስጠጋት አይከፍልም፤ ብዙ ርካሽ ሞዴሎችም የላቸውም። በአንድሮይድ ላይ ደግሞ የፕሌይ ስቶርን ቅንብር ከፍተው በ`About` ሥር `Device is certified` የሚል መኖሩን ይመልከቱ፤ ሥርዓቱ የተነካካ ወይም ተመሳስሎ የተሠራ ስልክ ይህን አያሳይም፤ ጉግል ዋሌትም በማስጠጋት እንዲከፍል አይፈቅድለትም። ጥገናም የራሱ ጣጣ አለው። በብዙ ስልኮች የኤንኤፍሲ አንቴና ከጀርባ ክዳኑ አጠገብ ስለሚቀመጥ ክዳኑ በኮፒ ዕቃ ሲተካ አንቴናው ሳይገናኝ ሊቀር ይችላል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ማሽኑ «ተቀባይነት አላገኘም» ካለ ስልኩ ተነቧል፤ ችግሩ ከባንኩ ወይም ከካርዱ ነው። ማሽኑ ጭራሽ ምንም ምላሽ ካልሰጠ ግን ኤንኤፍሲው መብራቱን አይተው ጠጋኙን ያነጋግሩ። ጠጋኝ ለመፈተሽ ብሎ የስክሪን ቁልፉን እንዲያጠፉ ቢጠይቅዎት ደግሞ ዋሌቱ ካርዶቹን ከስልኩ ስለሚያስወግድ እንደገና መመዝገብ ይኖርብዎታል።

ቶከን የማይሸፍነው አንድ ትልቅ ቀዳዳ ቀርቷል፤ እርሱም ምዝገባው ራሱ ነው። አጭበርባሪው ቁጥርዎን ከሌላ ቦታ አግኝቶ የራሱ ስልክ ላይ ይመዘግበዋል፤ ባንኩ ለእርስዎ የላከውን ኮድም «ከባንክ ነው የምደውለው» ብሎ ይቀበልዎታል። ኮዱን ከሰጡት ሕጋዊ ቶከን በሌባ ስልክ ላይ ተወለደ ማለት ነው፤ ጥበቃው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ለእርሱ ነው። ስለዚህ የመልእክቱን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ ካርድ ወደ ዋሌት ስለ መጨመር የሚናገርና እርስዎ ያልጀመሩት ከሆነ ኮዱን ለማንም አይስጡ። ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ካርዱን ማስለወጥ ብቻ አይበቃም፤ ካርድ ሲታደስ ወይም ሲተካ ኔትወርኩ ነባሮቹን ቶከኖች ወደ አዲሱ ቁጥር ሊያዛውር ስለሚችል የሌባው ስልክ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። ባንኩን ሲያነጋግሩ ከካርዱ ጋር የተያያዙት መሣሪያዎች በሙሉ እንዲነበቡልዎት፣ የእርስዎ ያልሆነውም ቶከን በስም ተለይቶ እንዲሰረዝ ይጠይቁ።